ረጅም መመሪያ አንድም ግዴታ ሳይዘለል እንዴት ይታያል?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ ባለ የቁጠባና ብድር ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመርጫለሁ። የብድር መመሪያችን ከስልሳ ገጽ በላይ ነው። ሦስት ሆነን በገጽ ተከፋፍለን አየነው። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ግን አንድ አባል ተነስተው ‹ስለ ዋስ የሚለውን አይታችሁታል ወይ?› ሲሉን መልስ አጣን። አንዱም ሳይዘለል መታየቱን በምን ማረጋገጥ ይቻላል?»

መልስ፦

እኔ አዘዞ አካባቢ ባለ አንድ ማኅበር በውስጥ ቁጥጥር ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በገጽ መከፋፈሉን ተዉት ነው የምላችሁ። በአንቀጽ መከፋፈልም ብዙ አይሻልም፤ ምክንያቱም አንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስትና አራት ግዴታ ተጨምቆ ይገኛል። አንዱን አይቶ አንቀጹ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ሁሉንም ያየ ይመስለዋል። የብድር መመሪያዎች ላይ ደጋግሞ የሚገኝ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ። አንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 3 እንዲህ ይላል እንበል፦

«ተበዳሪው በማኅበሩ ቢያንስ ስድስት ወር የቆጠበና ሁለት ዋስ ያቀረበ መሆን አለበት፤ ዋሶቹም ላልተከፈለ ሌላ ብድር ዋስ የሆኑ መሆን የለባቸውም።»

ይህ ሦስት ግዴታ ነው። የቁጠባው ጊዜ የሚታየው ከቁጠባ ደብተሩ ነው። የዋሶቹ ቁጥር ከብድር ፋይሉ ይታያል። ሦስተኛው ግን ከተበዳሪው ፋይል ፈጽሞ አይታይም፤ የሌሎች ተበዳሪዎችን ፋይል ሁሉ ማየት ይጠይቃል። ስለዚህ ለሦስቱ ሦስት መለያ ቁጥር ስጡ፦ 1031፣ 1032፣ 1033። እያንዳንዱን ግዴታ «ተሟልቷል» ወይም «አልተሟላም» ብላችሁ በአንድ ቃል መመለስ እስክትችሉ ድረስ ከፋፍሉት። «ግማሹ ተሟልቷል» የሚያሰኝ ከሆነ ገና አልተከፈለም ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች የምትይዙበት ሠንጠረዥ መዝገብ ይባል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ መለያ ቁጥሩ፣ የግዴታው ሙሉ ቃል፣ የተወሰደበት አንቀጽና ገጽ፣ የጸደቀበት ቀን ይጻፍ። የአንቀጽ ቁጥሩ እንደ አድራሻ ነው፤ ሊቀየር ይችላል። መለያ ቁጥሩ ግን አንዴ ከተሰጠ አይነካም።

ስለ ቁጥሩ አጻጻፍ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በወርድ የሚሠራውን አውቶማቲክ ቁጥር አትጠቀሙ። መሀል ላይ አንድ መስመር ስታስገቡ ከታች ያሉት ሁሉ በራሳቸው ይቀየራሉ፤ ያኔ ያለፈው ዓመት ሪፖርት ላይ የተጻፈው ቁጥር ሌላ ግዴታ ላይ ያርፋል። ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉት። የፊደል መለያም አልመክርም። «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ «ሐ-12» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀ-12» ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም። የግዕዝ ቁጥርንም ኤክሴል እንደ ቁጥር አይቆጥረውም። ከ001 ብትጀምሩ ደግሞ ኤክሴል የፊት ዜሮዎቹን ይጥላቸዋል። ስለዚህ ከ1001 ጀምራችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ። የምዕራፉን ስም ቁጥሩ ውስጥ አትክተቱ፤ ግዴታው ነገ ወደ ሌላ ምዕራፍ ቢዛወር ቁጥሩ የተሳሳተ ነገር ይናገራልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ መዝገቡ ራሱ ያልዘለለ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ይህን ከጽሑፉ ወደ መዝገቡ ብቻ ሄዳችሁ አታውቁትም፤ ተመልሳችሁ ከመዝገቡ ወደ ጽሑፉ መምጣት አለባችሁ። መመሪያውን አትሙትና በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ዳር መለያ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጻፉ። ግዴታ የሌለበት ዓረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ ትርጉም ወይም መግቢያ ከሆነ «ማብራሪያ» ብላችሁ ጻፉበት። ሲጨረስ ዳሩ ባዶ የሆነ ዓረፍተ ነገር ካለ የተዘለለው እሱ ነው። ገጹን እየገለጠ የሚያይ ሰው ወዲያው ያገኘዋል። ይህን ሥራ ሁለት ሰው ሳይመካከር ለየብቻ ቢሠራና ከዚያ ቢያስተያይ ይሻላል። አንዱ «አለበት» እና «አይፈቀድም» የሚሉትን ቃላት ብቻ እያሳደደ «ከሰባት ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይመልሳል» የሚለውን ሊያልፈው ይችላልና፤ እሱም ግዴታ ነው።

አባሪዎቹን አትርሱ። በእኔ ልምድ በብዛት የሚጠፉት እዚያ ያሉት ናቸው። የብድር ማመልከቻ ቅጹ ግርጌ ላይ በትንሹ «የትዳር ጓደኛ ፊርማ የሌለው ቅጽ ተቀባይነት የለውም» የሚል ይኖራል፤ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ግን የትም አይገኝም። የወለድ ሠንጠረዥ ሥር ያለ ማስታወሻም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። የምርመራ ቅጹን ከመዝገቡ ገልብጡት እንጂ ከራሳችሁ ትውስታ አትጻፉ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ከአራት መልስ አንዱ የግድ ይሰጠው፦ ተሟልቷል፣ አልተሟላም፣ አይመለከትም፣ አልታየም። «አይመለከትም» ምክንያቱ አብሮ ይጻፋል። «አልታየም» ደግሞ ነውር የለበትም፤ ፋይሉ ካልተገኘ እንዲያ ብሎ መጻፍ ነው። የማይፈቀደው ባዶ መተው ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታ «አይቼ ደህና ነው» ይሁን «ረስቼዋለሁ» ማንም አይለየውም።

ሥራውን በቁጥር ልትከፋፈሉት ትችላላችሁ፤ አንዱ ከ1001 እስከ 1060፣ ሌላው ከ1061 እስከ 1120፣ ሦስተኛው የቀረውን። ችግሩ የሚመጣው ሦስቱ ፋይሎች አንድ ላይ ሲለጠፉ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ድምሩን ብቻ ያያል። መዝገቡ 184 ግዴታ አለው፣ ውጤቱም 184 መስመር ነው፣ ስለዚህ ተሟልቷል ይላል። ነገር ግን 1060 ሁለት ጊዜ ተለጥፎ 1121 ቀርቶ ቢሆንም ድምሩ 184 ነው። የተደገመው የቀረውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ በድምር ሳይሆን ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። ኤክሴል ላይ አንዱን ሉህ «መዝገብ»፣ ሌላውን «ውጤት» በሉትና ሁለቱም ላይ መለያ ቁጥሩን A ዓምድ ላይ አድርጉ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ባለ ባዶ ዓምድ ይህን ጽፋችሁ እስከ ታች ጎትቱት፦

```
=COUNTIF('ውጤት'!A:A,A2)
```

1 ካወጣ ግዴታው አንዴ ታይቷል፣ 0 ካወጣ ተዘሏል፣ 2 ካወጣ ተደግሟል። ተመሳሳዩን ከውጤቱ ወደ መዝገቡ አድርጉት፦

```
=COUNTIF('መዝገብ'!A:A,A2)
```

እዚህ ላይ 0 የሚያወጣው መዝገቡ ላይ የሌለ ቁጥር ነው፤ 1013 ለመጻፍ ፈልጎ 1913 የጻፈ ሰው የሚያዘው በዚህ ነው። መልሱ B ዓምድ ላይ ከሆነ ባዶ የቀረውን ለመቁጠር =COUNTBLANK(B2:B185) ይበቃል። ኮምፒውተር ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ አንዱ መዝገቡን ይዞ ቁጥር ሲጠራ ሌላው ውጤቱ ላይ እያገኘ ይሰርዝ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሥራው ያው ነው።

ይህ ሁሉ እያንዳንዱ ግዴታ መጎብኘቱን ያረጋግጣል፤ በትክክል መመርመሩን ግን አያረጋግጥም። ከላይ ያልኳችሁን 1033 እንመልከት። መርማሪው የአንዲትን ተበዳሪ ፋይል ይከፍታል፣ ሁለት ዋስ አሉ፣ መታወቂያቸው አለ፣ ፊርማቸው አለ። «ተሟልቷል» ይላል። ቀጣዩ ፋይል ላይም እንዲሁ። ከዋሶቹ አንዱ ግን በሁለቱም ፋይሎች ላይ ያው ሰው ናቸው። ለጥምቀት ሰሞን ነጋዴው እቃ ለማስገባት በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ብድር ሲወስድ እርስ በርስ ዋስ መባባል የተለመደ ነው። ፋይል በፋይል የሚያይ መርማሪ ግን በጭራሽ አያገኘውም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «በምን ይታያል» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ለ1032 «የብድር ፋይል» ተብሎ ይጻፍ፤ ለ1033 «ያልተከፈሉ ብድሮች ዋሶች ዝርዝር፣ በስም ፊደል ተራ» ይባል። ውጤቱ ላይም ከመልሱ ቀጥሎ የታየው የፋይል ቁጥር ይጻፍ። ጉባኤው ላይ የተነሱት ሰው የጠየቁት እንዲህ ያለውን ይመስለኛል፤ ዋስ መኖሩን አይታችኋል፣ ዋሱ ነጻ መሆኑን ግን አላያችሁም።

መመሪያው ሲሻሻል ምን ይደረግ? ጉባኤው ስድስት ወሩን ወደ ዘጠኝ ወር ቢያሳድገው ግዴታው ያው ነው፤ 1031 ይቀጥላል። ከሥሩ አዲሱ ቃልና የጸደቀበት ቀን ይጻፋል፣ የድሮው ቃል ግን አይደመሰስም። ከማሻሻያው በፊት የተሰጠ ብድር የሚመዘነው በድሮው ነዋ። ዋስ ጭራሽ ቀርቶ በንብረት መያዣ ቢተካ ግን ሌላ ግዴታ ሆኗል። 1032 እና 1033 «የተሻረ» ተብለው ከቃለ ጉባኤው ቀን ጋር መዝገቡ ላይ ይቆያሉ፤ አዲሱ ግዴታ ከመጨረሻው ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ይወስዳል። ክፍተቱን አትሙሉት፣ የተሻረውን ቁጥርም ለሌላ አትስጡ። የተሻረው በምርመራ ቅጹ ላይ ይገለበጥና «አይመለከትም፣ ተሽሯል» ይባላል፤ ያኔ ማመሳከሪያው 0 አያወጣም።

ተከታታይነቱ የተበጠሰ መዝገብ ያስቀይመናል የሚሉ አሉ። ሕግ አዋቂዎች ከዚህ ጋር ኖረዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ክፍሉ በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213፣ ተተካ። ከሱ ቀጥሎ የነበረው የውርስ ሕግ ግን በአንቀጽ 826 ይጀምር ነበር፤ ዛሬም 826 ነው። ወደ ላይ ተስቦ ቁጥሩ ቢስተካከል ኖሮ በየፍርድ ቤቱ ያለው የቀደመ ውሳኔ ሁሉ የሚጠቅሰው አንቀጽ በጠፋ ነበር።

የመጨረሻው የአሠራር ጉዳይ ነው። ቁጥር የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ቢሆን ይመቻል። ቀጣዩ ነጻ ቁጥር የቱ እንደሆነ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ሁለት ሰው በአንድ ቀን 1185ን ለሁለት ግዴታ ይሰጡታል። መዝገቡን አሁን ከጀመራችሁ ሰኔ 30 ሒሳብ እስኪዘጋ ትጨርሳላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ምርመራውን በእሱ መሥራት ትችላላችሁ።