ልምድ ለሌለው የሰው ኃይል ኦፊሰር የትኛው ሰርተፊኬት ይሆናል?

«ገላን ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ኦፊሰር ከሆንኩ 6 ወሬ ነው። በማኔጅመንት ዲግሪ አለኝ። የትኛውን ፈተና መውሰድ እችላለሁ?»

አሁን HRCI የተባለው የአሜሪካ ተቋም ለሰው ኃይል ጀማሪዎች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ፈተና aPHRi ውሰድ፣ የሥራ ልምድ አይጠይቅም። ስትመዘገብ መጨረሻ ላይ ያለችውን i እንዳትረሳ፤ እሷ የሌለችበት ፈተና የአሜሪካን የሥራ ሕግ ነው የሚጠይቅህ፣ ገላን ላይ ምን ይሠራልሃል? ቀጣዩ PHRi ነው። ለሱ በዲግሪ 2 ዓመት፣ በማስተርስ 1፣ ዲግሪ ለሌለው 4 ዓመት ልምድ ያስፈልጋል። የሚቆጠረው ግን በባለሙያ ደረጃ የሠራኸው ነው፤ ፋይል ማደራጀትና የሰዓት ፊርማ መቆጣጠር ብቻ ከሆነ አይያዝልህም። ስለዚህ ቅጥር፣ ዲሲፕሊንና ቅሬታ የምትሠራ ከሆነ የሥራ መደብህ ዝርዝር ላይ መጻፉን ከአሁኑ አረጋግጥ፣ ከዓመት ተኩል በኋላ ትፈተናለህ። የኢትዮጵያን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011ን ግን ለብቻው አንብብ፣ በሁለቱም ፈተና አይመጣም።