«አንድ ጊዜ ቢሉት አይሰማም?»

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ህንድ ለትምህርት የሄደ አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ክፍል የተከራየው አንዲት የሂንዱ እምነት ተከታይ አሮጊት ቤት ነው። «ሴትዮዋ በየማለዳው አንድ ነገር ሺህ ጊዜ ትደጋግማለች። አምላኳ አንድ ጊዜ ብትለው አይሰማም እንዴ? ብጠይቃት ትቀየመኝ ይሆን?» ይላል።

አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩት። ይህንኑ ጥያቄ፣ ቃሉ ሳይለወጥ፣ እኔም በእሱ ዕድሜ ጠይቄዋለሁ።

ህንድ አገር ፑኔ ከተማ የገባሁት በ1981 ዓ.ም. የሂሳብ አያያዝ ልማር ነው። ሳዳሺቭ ፔት በሚባለው አሮጌ ሰፈር ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባለቤቷ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «አጂ» ይላቸዋል፤ በማራቲ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። (እናንተ ዛሬ ትልቅ ሰው አንቺ ማለት ይቀላችኋል። እኔ ግን አጂን አንቱ ሳልል ስለሳቸው መጻፍ አልችልም።)

አጂ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ። ገላቸውን ሳይታጠቡ ወደ ጸሎቱ ቦታ አይጠጉም። ቦታው ወጥ ቤቱ ጥግ ያለች ትንሽ የእንጨት መቅደስ ናት፤ «ዴቭጋር» ይሏታል። ውስጧ ከጣት የማይበልጡ የነሐስ የአማልክት ምስሎች አሉ፤ ጋኔሽ፣ ሕፃኑ ክሪሽና፣ ምግብ ሰጪዋ አናፑርና። አጂ የትናንቱን አበባ ያነሳሉ። ምስሎቹን በመዳብ ሳህን ላይ አድርገው በውሃ ያጥባሉ፣ በንጹህ ጨርቅ ያደርቃሉ። የሰንደል እንጨት በድንጋይ ላይ በውሃ ፈትገው ይቀቧቸዋል። ከዚያ አበባ፣ ከዚያ ዕጣን፣ ከዚያ የቅቤ መብራት፣ መጨረሻ ላይ ምግብ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ነገሩ እንግዳ መቀበል ነው። እንግዳው መጣ፣ ታጠበ፣ ሽቶ ተቀባ፣ መብራት በራለት፣ በላ። ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል አለው።

ምግቡ «ናይቬድያ» ይባላል። አጂ ሲሠሩት ጨው እንኳ አይቀምሱም። የተቀመሰ ነገር ትራፊ ነው፤ ለአምላክ ደግሞ ትራፊ አይቀርብም። በሳህኑ ዙሪያ ውሃ ይረጫሉ፣ ቱልሲ የሚባለውን ቅዱስ ተክል ቅጠል ጣል ያደርጉበታል፣ «ፕራናያ ስዋሃ፣ አፓናያ ስዋሃ» እያሉ ለአምስቱ የሕይወት እስትንፋሶች በየስማቸው ያቀርባሉ። ከዚያ በኋላ ምግቡ «ፕራሳድ» ይሆናል፤ ከአምላክ የተመለሰ ስጦታ ነውና ቤተሰብ ይበላዋል። ይህን ለእናቴ በደብዳቤ ስነግራት፣ ጨው ሳይቀምሱ ወጥ የሚያወጡ ሴት ምን ያህል ቢያምኑ ነው ብላ ጻፈችልኝ። እናቴ እኔ ያላየሁትን በአንድ ደብዳቤ አየችው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አጂ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው «ጃፓ» ይጀምራሉ፤ መደጋገሙ ማለት ነው። «ኦም ናሞ ባጋቫቴ ቫሱዴቫያ።» ለክሪሽና የሚቀርብ ሰላምታ ነው፤ ቢቆጠር 12 ቀለም አለው። የሚቆጥሩት ከቱልሲ እንጨት በተሠራ መቁጠሪያ ነው። 108 ፍሬ አለው። በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ይገፉታል፤ አመልካች ጣት አይነካውም። ከ108ቱ ሌላ «ሜሩ» የምትባል አንዲት ፍሬ አለች። እሷ አትታለፍም። እዚያ ሲደርሱ መቁጠሪያውን ገልብጠው ይመለሳሉ። አንዱ ዙር ሰባት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አጂ ደግሞ አሥር ዙር ነበር የሚሉት። 108ቱን 100 ብለው ይቆጥሩታል። «ስምንቱ ሐሳቤ ለሸሸባቸው ነው» ይላሉ።

ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር። ወለሉን ዘልቆ እኔ ክፍል ይገባል።

አንድ የፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሳነብ አድሬ፣ ተናድጄ ወረድኩ። ከጨረሱ በኋላ ሻይ ሲሰጡኝ እየሳቅሁ ጠየቅኋቸው። «አጂ፣ አንድ ጊዜ ቢሉት አይሰማም?»

አልተቆጡም። አዩኝና «እንቅልፍ ነሳሁህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

በማግስቱ ድምፅ የለም። በሦስተኛውም ቀን የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ።

ከወራት በኋላ ወንድ ልጃቸው ከቦምቤይ መጣ። የጸሎቶቹን ጥንታዊ ቋንቋ፣ ሳንስክሪትን፣ የሚያነብ ሰው ነው። ቤቱ ጸጥ ማለቱን አይቶ ምን ሆነ አለኝ። ነገርኩት። እሱም ጃፓ ሦስት ደረጃ እንዳለው አስረዳኝ። አንዱ ጮክ ተብሎ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ከንፈር ብቻ የሚንቀሳቀስበት ነው። ሦስተኛው በልብ ብቻ የሚባለው ነው። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ከመሥዋዕት ሥርዓት የከንፈሩ መቶ እጥፍ፣ የልቡ ሺህ እጥፍ ይበልጣል ይላል። እኔም ቶሎ ብዬ «እንግዲያው ወደ ተሻለው ከፍ አሉ» አልኩት።

«ሐሳብ ሲበተን ወደ ድምፁ ይወረዳል» አለኝ። «አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ሐሳቧ አልሰበሰብ ብሏታል። ጮክ የምትለው ለዚህ ነው።»

ማንትራ፣ ያ የሚደጋገመው ቅዱስ ቃል፣ የሚላክ መልእክት ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ በበቃ ነበር። በዚያ ቤት እምነት ግን ስሙና ባለስሙ አይለያዩም። ስሙ አፍ ላይ እስካለ ድረስ እሱም አለ። ጆሮ የገዛ አፉን ሲሰማ አእምሮ የሚይዘው ገመድ ያገኛል። ትርጉሙ ብቻ ቢሆን አጂ በማራቲ ይሉት ነበር።

ልጃቸው ስለ ድምፅ አንድ የጥንት ታሪክ ነገረኝ። የአማልክቱ አንጥረኛ ትቫሽትሪ ልጁን የገደለበትን የአማልክት ንጉሥ ኢንድራን ሊበቀል መሥዋዕት አቀረበ። «ኢንድራሻትሩ» የሚወለድለት ፈለገ፤ ኢንድራን የሚገድል ማለት ነው። ግን ድምፁን ማንሳት የነበረበት ቃሉ መጨረሻ ላይ ሲሆን መጀመሪያው ላይ አነሳው። እንዲያ ሲባል ቃሉ ኢንድራ የሚገድለው ማለት ይሆናል። የተወለደው ቭሪትራም በኢንድራ እጅ ሞተ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ይኖራል ነው። ይህ ጥብቅነት ግን ቬዳ ለሚባሉት ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ማንትራዎች ነው። የአጂን የመሰለ የስም ጥሪ በዜማ ስህተት አይበላሽም። የሚያበላሸው ሌላ ነው፤ እጅ እየቆጠረ ልብ ሲሄድ።

ዛሬ ግድግዳ ላይ ሰክተው ቀኑን ሙሉ ማንትራ የሚያሰሙ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። እናንተም ሁሉን በስልክ ቀድቶ መውሰድ ትወዳላችሁ። እኔ ሳጥኑ ምንም አይሠራም እላለሁ፤ አፍ ካልደከመበት ምን ዋጋ አለው? ግን ደግሞ እኔ ራሴ ያንን 12 ቀለም በቃሌ የያዝኩት ወለሉን ዘልቆ ሲመጣ እየሰማሁ ነው። መስማትም አንድ ነገር ያደርጋል መሰለኝ።

ለጻፍክልኝ ልጅ፦ ሴትዮዋን ጠይቃቸው። ምን እንደሚሉ፣ ስንት ዙር እንደሚሉ፣ ማን እንዳስተማራቸው ጠይቃቸው። የመጨረሻዋን ዙር ጨርሰው መቁጠሪያውን ከረጢቱ እስኪመልሱ ግን ጠብቅ።

ልጃቸው የነገረኝ ቀን ማታ፣ አጂ እንደ ቀድሞው ጮክ ይበሉ ብዬ ልለምናቸው ወሰንኩ። በማግስቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ወረድኩና በሩ ጋ ቆምኩ። የእንጨቱ ፍሬ ሲጋጭ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ቆመ። ሜሩ ላይ የደረሱ መስሎኝ በክፍተቱ አየሁ። አውራ ጣታቸው መሃል ያለ አንድ ፍሬ ላይ ነው። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ በመስኮቱ በኩል ባላቸው ይቀመጡበት የነበረውን ወንበር ያያሉ። ረጅም ጊዜ እንዲያ ቆዩ። ምንም ሳልል ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር እዚያ ቤት ኖሬያለሁ፤ አልለመንኳቸውም።