ፖሊካርቦኔቱን የጨረሰው በረዶው ነው ወይስ ፀሐዩ?

«ጋሼ ሰላም ነዎት? ደሴ ነን። ከ4 ዓመት በፊት በረንዳችንን በፖሊካርቦኔት አለበስነው። አሁን ቢጫ ሆኗል፣ የሰሞኑ በረዶ ደግሞ ወንፊት አደረገው። የኋላው ቤት የድሮ ኢተርኒትም ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ወፍራም ፖሊካርቦኔት ልግዛ? ኢተርኒቱንስ ወጥቼ በሲልከን ልድፈነው?»

እህቴ፣ ኢተርኒቱ ላይ እንዳትወጪ። ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ እግር ሲያርፍበት ግን ድንገት ይሰበራል። የድሮው ኢተርኒት ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ አለበት፣ ስለዚህ አትብሺው፣ አትቁረጪው፣ በመጥረጊያም አትንኪው። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ሰው ይገድላል። ሲልከኑም አይበረክትም። ጣውላ ረብርቦ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ የተሰነጠቁትን ሳይሰባብር የሚያወርድ ባለሙያ ጥሪ።

ፖሊካርቦኔቱን በረዶው ሳይደርስበት በፊት ፀሐዩ ጨርሶታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ከቆላው ይበረታል። ሉሁ ይህን የሚመክት ስስ ሽፋን አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሚሆን ሉሁ ተለብጦበት በሚመጣው ላስቲክ ላይ ተጽፏል። ገጣሚው ላስቲኩን መሬት ላይ ልጦ ሉሁን ከገለበጠው፣ ከወራት እስከ ጥቂት ዓመት ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል።

አንድ ነገር ሞክሪ። ፀሐይ ካገኘው ጫፍ ጣት የምታክል ቁራጭ ቁረጪ። ፀሐይ የመታውን ፊት ወደ ውጭ አድርገሽ እጠፊው። ጤነኛ ከሆነ ይታጠፋል። ካረጀ ፊቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቆች ይወጡና ቀጭ ይላል። ከዚያም ሌላው ሉህ ደርቦ ከሸፈነው ቦታ ቁረጪና አነጻጽሪ። የተሸፈነው ታጥፎ የተጋለጠው ከተሰበረ ጥፋቱ የፀሐይ ነው፣ እና ወፍራም መግዛት ብቻ አያድንሽም። ተገልብጦ ከተገጠመ ወፍራሙም ያው ይሆናል።

ስንጥቁ ከቪሱ ቀዳዳ ከጀመረ ግን ሌላ ጥፋት አለ። ፖሊካርቦኔት ሲሞቅ ከብረት ይልቅ በብዙ ይረዝማል። 3 ሜትር ሉህ፣ ከሌሊት ብርድ እስከ ቀትር ሙቀት 40 ዲግሪ ቢለዋወጥ፣ 8 ሚሊ ያህል ይንቀሳቀሳል። ቪሱ ቀዳዳውን ሞልቶ ከያዘው መሄጃ አጥቶ ከዚያው ይሰነጠቃል፣ በረዶ ሲመታው ደግሞ ስንጥቁ ይሮጣል። ስለዚህ ለ6 ሚሊ ቪስ 10 ሚሊ ቀዳዳ አስበሺ። ቪሱ የጎማው ዋሸር ሉሁን እስኪነካ ብቻ ይጠብቅ፣ ጎማው ተጨፍልቆ ከወጣ በዝቷል። ዋሸሩ ኢፒዲኤም ጎማ ይሁን፣ ለስላሳ ፒቪሲ ፖሊካርቦኔትን ይበላዋል። ኮምጣጤ የሚሸት ሲልከንና ቲነር ያለው ቀለምም አይነካው።

አዲሱን ስትገዢ ላስቲኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ራስሽ አንብቢ፣ ፎቶ አንሺው። ሠራተኛው ሉሁን ወደ ላይ ሲያቀብል አጠገቡ ቁሚ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ የሚልጠው ቪሱ ከገባ በኋላ ይሁን፣ ግን በዚያው ቀን፣ አለበለዚያ ፀሐይ ያጣብቀዋል።