የአውቶቡስ ቲኬት ገዢ ካርታ ክፍያ ላይ አያልቅም

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። ለክፍል ፕሮጀክት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቲኬት ግዢ ላይ ከስተመር ጆርኒ ማፕ፣ ማለትም ደንበኛው በየደረጃው የሚያደርገውንና የሚሰማውን የሚያሳይ ካርታ፣ እየሠራሁ ነው። ደረጃዎቹን መፈለግ፣ መምረጥ፣ መክፈል ብዬ ከፋፍያለሁ፤ ስሜቱን በኢሞጂ አስቀምጫለሁ። አስተማሪዬ ግን ‹አይነበብም፣ ችግሩም አይታይም› አለኝ። ምን ላስተካክል?»

እህቴ፣ ችግሩ የማይታየው ካርታሽ ክፍያ ላይ ስለሚያቆም ነው። ቲኬት የቆረጠ ሰው የሚጨነቀው ብሩ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው፤ መቀመጫው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ልቡ አያርፍም። ስለዚህ ደረጃዎቹን ስድስት አድርጊያቸው፦ መጠየቅ፣ መኪናና መቀመጫ መምረጥ፣ መክፈል፣ ማረጋገጫ መጠበቅ፣ የጉዞ ዋዜማ፣ መሳፈር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አጠር ብለው ይለፉ። ቦታ የሚገባቸው አራተኛውና አምስተኛው ናቸው።

ከዚያ በፊት ግን ካርታው የማን እንደሆነ ወስኚ። «ተሳፋሪዎች» ብለሽ ከጀመርሽ ስሜቱ የማንም አይሆንም። ለምሳሌ አዲስ አበባ የምትኖር ሴት፣ ለሕክምና መጥተው የሰነበቱ እናቷን ለፋሲካ ወደ ድሬዳዋ ለመሸኘት በስልኳ ቲኬት ትቆርጣለች እንበል። የጉዞው ቀን ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ነው። ይህ ምሳሌ የሚጠቅመው ገዢዋና ተሳፋሪዋ ሁለት ሰው ስለሆኑ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው ልጅቷ ስልክ ላይ ነው፤ መታወቂያ ይዘው በር ላይ የሚቆሙት ግን እናትየው ናቸው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ግዢ ብዙ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያለበት ካርታ ይህን ክፍተት ይደብቀዋል።

አሁን አራተኛውን ደረጃ እንየው። «ኔትወርክ ያስቸግራል» ብሎ መጻፍ ብቻውን ችግሩን አያሳይም፤ ምን ተከትሎ ምን እንደሆነ መጻፍ አለበት። መተግበሪያው የመረጠችውን መቀመጫ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይይዝላታል። እሷ በቴሌብር ትከፍላለች፣ ብሩም ይቀነሳል። የክፍያው ማረጋገጫ ወደ ቲኬት ሥርዓቱ ለመድረስ ሲዘገይ ግን የተያዘበት ጊዜ ያልፍና መቀመጫው ለሌላ ሰው ይለቀቃል። ልጅቷ ስልክ ላይ የክፍያ መልእክት አለ፣ የቲኬት ቁጥር ግን የለም። ችግሩ መድረሱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ወይ ደግሞ ይከፍላል፣ ወይ ትኬት ቢሮ ድረስ ይሄዳል። መፍትሔ የሚለው ረድፍ ላይ የሚገባውም ከዚህ ይመነጫል፦ ክፍያ በሂደት ላይ እያለ መቀመጫው አይለቀቅ፤ ገጹም «ብሩ ደርሷል፣ ቲኬቱ እየተዘጋጀ ነው፣ ደግመው አይክፈሉ» ይበል።

አምስተኛው ደረጃ፣ ዋዜማው፣ በእኔ እምነት የካርታው ልብ ነው። የሩቅ መንገድ አውቶቡሶች ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ቲኬቱ ላይ ግን የሚነበበው 17/04/2025፣ 05:00 ቢሆንስ? 05:00ን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ መኪናው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ኤፕሪልና ሚያዝያ አንድ መስሎት 17/04ን ሚያዝያ 17 ብሎ ያነበበ ደግሞ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይመጣል፤ ትክክለኛው ቀን ሚያዝያ 9 ነበርና። ሦስተኛም ስሕተት አለ፦ «ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት» ተብሎ በአማርኛ ቢጻፍ እንኳ አንዱ ረቡዕ አድሮ የሚነጋውን፣ ሌላው ሐሙስ አድሮ የሚነጋውን ይረዳል። ስለዚህ ልጅቷ ሦስት ጊዜ መልእክቱን ትከፍታለች፣ ወደ ቢሮው ትደውላለች፣ ማታ ደግሞ ጎረቤት ትጠይቃለች። ለዚህ የሚሆነው የቲኬት ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነው፦ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ሚያዝያ 9 (ኤፕሪል 17)፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት»። የመነሻ ቦታውም ከሥሩ ይጻፍ፤ አንዳንዱ ከመናኸሪያ፣ አንዳንዱ ከራሱ ቢሮ ደጃፍ ስለሚነሳ በዚያ ሰዓት ቦታ የሳተ ሰው ታክሲ እንደ ልብ አያገኝም።

ስሜትን በተመለከተ ኢሞጂውን አውጪው። የፊት ስዕል «አዝኗል» ይላል እንጂ ለምን እንዳዘነ አይናገርም። ከ+2 እስከ -2 ያለ መስመር ሥሪና በየነጥቡ ላይ ከሰው አፍ የወጣ አንድ አጭር ንግግር አስቀምጪ። ለዚህ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቲኬት የቆረጡ ከ5 እስከ 8 ሰዎች አነጋግሪ። «ምን ተሰማዎት?» ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ መልሱ «ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ነው። ያደረጉትን ጠይቂ፦ ከከፈሉ በኋላ ማን ጋ ደወሉ? መልእክቱን ስንቴ ከፈቱት? ስንት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረሱ? ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደርሶ የተቀመጠ ሰው ቲኬቱን እንዳላመነው መናገር አያስፈልገውም። ማስረጃ ያላገኘሽለትን ነጥብ በተቆራረጠ መስመር አገናኚው፤ ግምት መሆኑ ይታወቅ።

አንዱ ዓምድ ተሞልቶ ይህን ይመስላል፦

ደረጃ፦ የጉዞ ዋዜማ
የምታደርገው፦ መልእክቱን ደጋግማ ታነባለች፣ ቢሮ ትደውላለች
የምታገኘው፦ የጽሑፍ መልእክት፣ ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ
ስሜት፦ -2፣ «ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ?»
ችግር፦ ቀኑና ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ተጽፏል
መፍትሔ፦ ሁለቱም አቆጣጠር፣ «አጥቢያ» የሚል ቃል፣ የመነሻ ቦታ

አቀማመጡን በኤ3 ወረቀት፣ በአግድም አድርጊው። ወረቀቱ 420 በ297 ሚሊሜትር ነው፤ በግራና በቀኝ 10 ሚሊሜትር ትተሽ ለረድፍ ስሞች 40 ስትወስጂ ለስድስቱ ዓምድ ለእያንዳንዱ 60 ይደርሰዋል። በ11 ነጥብ ፊደል አንድ መስመር ላይ ከ3 እስከ 4 ቃል ይገባል። የአማርኛ ግሥ ረጅም ስለሆነ ዓምዱን ከዚህ ካጠበብሽው ቃሉ ለሁለት ይሰበራል። በአንድ ሳጥን ከ12 ቃል አትለፊ፤ የመስመር ክፍተቱን 1.5 አድርጊው፣ ፊደላችን ሲጠጋጋ ይደፈናልና። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለ ርእስን የምትለዪው በድምቀትና በመጠን ብቻ ነው፤ ሦስት መጠን ይበቃል። የስሜቱ መስመር ከቁመቱ ሲሶውን ይውሰድ። ችግርን በቀይ ቀለም ብቻ አታመልክቺ፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ይጠፋል፣ ምልክትም ጨምሪበት። በስልክ የምታጋሪው ከሆነ ኤ3ውን እንዳለ አትላኪ፤ ስድስቱን ዓምዶች ስድስት ምስል አድርገሽ በተራ ላኪ።

ርእሱ ላይ «የጉዞ ካርታ» ብቻ ብለሽ ከጻፍሽው ደግሞ አንባቢ የመንገድ ካርታ ይመስለዋል። «ለእናት ቲኬት መቁረጥ፦ ከመጠየቅ እስከ መሳፈር» በይው።

መሳፈር የሚለው ደረጃ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ፈትሺ፦ በቲኬቱ ላይ ያለው ስም የእናትየው መታወቂያ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን፣ የሻንጣ ክፍያ ደግሞ ቀድሞ መነገሩን። ረዳቱ በር ላይ ድንገት ሒሳብ ሲጠይቅ እናትየው ብቻቸውን ናቸው፣ ልጅቷ ደግሞ በስልክ ናት። ስለዚህ እዚህ ዓምድ ላይ ሁለት የስሜት መስመር ሥሪ፤ አንዱ የእናት፣ አንዱ የልጅ።