የቤታችሁን ዋጋ ከጾሙ ቀን ተነሱና አውጡ

ይድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት አሰናድታችሁ ለእንግዳ በቀን ለምታከራዩ ወጣቶች።

በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። ቦሌና ገርጂ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ ሥራውን ለጀመሩ ልጆች ሒሳባቸውን አብሬ አያለሁ። ብዙዎቻችሁ ስለ ዋጋ ስጠይቃችሁ መልሳችሁ ያው ነው። «ጋሼ፣ ጥር ላይ እጨምራለሁ፣ ከዚያ እቀንሳለሁ» ትሉኛላችሁ። ሐሳቡ ልክ ነው። ግን ጥር ማለት ብቻ አይበቃም፤ ገበያው መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ በቀን ማወቅ አለባችሁ።

ገናና ጥምቀት ቀናቸው ይታወቃል። ከውጭ የሚመጣው ወገናችን ከገና በፊት መግባት ይጀምራል፣ ጥምቀትን አክብሮ የሚመለሰውም ብዙ ነው። ዋናውን ገንዘብ የሚያመጣው ግን ከጥምቀት በኋላ ያለው ሰርግ ነው። የሙሽራዋ አክስት ከዋሽንግተን፣ የሙሽራው ወንድም ከዱባይ ይመጣሉ። ቤት የሚይዙት ለሰርጉ ቀን ብቻ አይደለም፤ ለመልሱ፣ ለቅልቅሉ ሁሉ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ቀጥ ይላል፤ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ በጾም አይድርም። ጾሙ የሚገባበት ቀን ደግሞ እንደ ፋሲካው በየዓመቱ ይለያያል።

የ2018ን እና የ2019ን ዓመት አስተያዩ። በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ጾሙ የካቲት 9 ገባ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ ዋዜማ ያለው 27 ቀን ብቻ ነው። በ2019 ፋሲካው ሚያዝያ 24 ነው፤ ጾሙም የካቲት 29 ይገባል። የሰርጉ ጊዜ 47 ቀን ሆነ ማለት ነው። ሦስት የጾም ነነዌ ቀኖች ከሁለቱም ዓመት ይቀነሳሉ።

ይህ ልዩነት ዋጋችሁን በሁለት መንገድ ይነካዋል። ጊዜው ሲያጥር ሰርጉ ሁሉ በጥቂት ቅዳሜና እሁድ ላይ ይደራረባል፤ ቤት ይጠፋል፤ ከፍ ያለ ዋጋ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ጾሙ እንደገባ ገበያው በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ጊዜው ሲረዝም ሰርጉ ይበታተናል፤ የአንዱ ሌሊት ዋጋ ብዙ አይሰቀልም፤ ከፍተኛው ዋጋ ግን እስከ የካቲት መጨረሻ ሊቆይ ይችላል። ያምናውን ዋጋ ያምናው ቀን ላይ ገልብጦ ያስቀመጠ ሰው በአንዱ ዓመት ባዶ ቤት በውድ ዋጋ ይዞ ይቀመጣል፣ በሌላው ዓመት ደግሞ የሚፈለግ ቤት በርካሽ ይሰጣል። ስለዚህ አዲስ ዓመት ሲገባ ባሕረ ሐሳቡን ተመልከቱ። የሙስሊም ቤተሰብ የምታስተናግዱም ረመዳንን እዩ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይገባል። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤም የካቲት መጀመሪያ አካባቢ አለ፤ ሆቴል ያጣ እንግዳ ያመጣላችኋል፣ ግን ለጥቂት ሌሊት ነው።

በገበያ ወቅት ከዋጋው እኩል የሚያሳስበኝ የሌሊቶቹ አደራደር ነው። የማውቀው ልጅ ገርጂ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለው። ለጥር 15 እና 16 ሁለት ሌሊት የፈለገ ሰው ጥሩ ዋጋ ሰጠውና ተቀበለ። ከሳምንት በኋላ አንድ ቤተሰብ ከጥር 9 እስከ 24 ፈልጎ ደወለ። አስራ አምስት ሌሊት ነው፤ መሐሉ ተይዟል። ቤተሰቡ ሻንጣውን ይዞ መሐል ላይ አይወጣ ነገር፤ ሌላ ቤት ሄደ። በግራና በቀኝ የቀሩት ሌሊቶች ግማሹ ባዶ አደረ። ለዚህ ነው ከጥምቀት ዋዜማ እስከ ጾሙ ድረስ ትንሹ ቆይታ አምስት ሌሊት ይሁን የምለው። ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀር ያልተያዘ ክፍተት ካለ ያኔ ወደ ሁለት ሌሊት አውርዱት።

ዋጋችሁ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ከውጭ የሚመጣ ሰው የአውሮፕላን ቲኬቱን ቀድሞ ይቆርጣል፣ ቤቱንም ቀድሞ ይይዛል። ጥር ሁሉ በጥቅምት ከሞላ ዋጋችሁ ዝቅ ብሎ ነበር። ኅዳር አልቆ ግማሹ ካልተያዘ ደግሞ በዝቷል፤ ያን ጊዜ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ቀብድ የከፈለ እንግዳ ላይ ግን፣ ገበያው የቱንም ያህል ቢጦፍ፣ አንድ ብር አትጨምሩ። የሰርግ እንግዳ ዘመድ ከዘመድ ነው የሚመጣው፤ አንዱን ያስከፋ ቤተሰቡን ሁሉ ያጣል።

አሁን ወደ ጸጥተኛው ወራት ልምጣ። መጋቢትን እንውሰድ፤ በ2018ም በ2019ም ሙሉ ጾም ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ የያዝኩት ነው፤ በራሳችሁ ቁጥር ቀይሩት። ለቤቱ ኪራይ፣ ለጥበቃና ለኢንተርኔት በወር 90,000 ብር ታወጣላችሁ እንበል። ይህ እንግዳ መጣም አልመጣም የሚወጣ ነው። እንግዳ ሲያድር ደግሞ ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለቡናና ለሶፍት በሌሊት 400 ብር ይጨመራል። አንድ እንግዳ በወጣ ቁጥር ለጽዳትና ለአንሶላ አጠባ 1,600 ብር አለ።

መደበኛው ዋጋ 4,500 ብር ነው። በመጋቢት በዚህ ዋጋ አራት እንግዳ መጥቶ ስምንት ሌሊት አደረ። የገባው 36,000 ነው፤ የሌሊቱ 3,200፣ የጽዳቱ 6,400 ሲወጣ 26,400 ይተርፋል። ዋጋውን ወደ 3,200 ብታወርዱትና አምስት እንግዳ አስራ አራት ሌሊት ቢያድር 44,800 ይገባል፤ 5,600 እና 8,000 ሲቀነስ 31,200 ይቀራል። ያን ሁሉ ቅናሽ፣ ያን ሁሉ አጠባና ቁልፍ ማቀበል ተሸክማችሁ ያገኛችሁት 4,800 ብር ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም እንግዳ 3,200ውን እያስታወሰ ይከራከራችኋል።

ሦስተኛው መንገድ አለ። ለአንድ ሰው ወሩን ሙሉ በ75,000 ብር ስጡት። ለሥልጠና የመጣ ባለሙያ፣ የራሱን ቤት እያስጠገነ ያለ ቤተሰብ፣ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ጽዳትና አንሶላ ብትሰጡት አራት ጊዜ 1,600፣ 6,400 ነው። የሠላሳ ሌሊቱ 12,000 ነው። የሚተርፈው 56,600 ይሆናል። አሁንም 90,000ውን አይሸፍንም፤ ያን የሚሸፍነው የጥር ገንዘብ ነውና በጥር ያገኛችሁትን በጥር አትጨርሱት። ግን ከሦስቱ መንገድ ኪሳራውን በጣም የሚያጠበው ይህ ነው። የሌሊቱን ዋጋም ሳትነኩት ትቀራላችሁ። ስለዚህ ጸጥ ባለ ወር ቅናሹን ለረጅም ቆይታ ስጡ እላችኋለሁ።

ክረምቱ በመሐል ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ቢሆንም በአሜሪካና በአውሮፓ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ወላጅ አለ። ባለ ሦስት መኝታ ያላችሁ ዋጋ አትጣሉ። ስቱዲዮ ያላችሁ ግን እንደ መጋቢት ቁጠሩት።

የወር ተከራይ ስታስገቡ ውሉ ላይ የሚወጣበትን ቀን በቁርጥ ጻፉ። በጥቅምት የገባ ሰው «ትንሽ ልቆይ» ሲል ማስወጣት ይከብዳል፣ ያን ጊዜ ደግሞ የገና እንግዳ መንገድ ላይ ነው። እኔ ታኅሣሥ 10ን የመጨረሻ ቀን አደርጋለሁ። ቤቱን ለማደስና ቀለም ለመንካት፣ የተሰበረውን ለመጠገን ሳምንት ያህል ይተርፈኛል። ማራዘም የፈለገ ከዚያ ቀን ጀምሮ በወቅቱ የሌሊት ዋጋ እንደሚከፍል ከመግባቱ በፊት ውሉ ላይ ይፈርምበታል።