ቋጣሪው ሦስተኛው ገጽ ላይ ለምን ይሞታል?

«ለትምህርት ቤታችን ድራማ ቋጣሪ አባት ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ያስቃል፣ ሦስተኛው ላይ ይሞታል።» (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

የላክሽው ሰውዬ መብራት ያጠፋል፣ ስኳር ይቆጥራል፣ ክብሪት ለሁለት ይሰነጥቃል። ይህ አንድ ቀልድ ሦስት ጊዜ ሲነገር ነው። ገንዘብ ሳያወጣ የማያገኘውን ነገር እንዲመኝ አድርጊው። ለምሳሌ ልጁን ለሀብታም ቤት መዳር ይፈልግ፣ ሽማግሌዎችም ይምጡለት።

ሽማግሌዎቹ በደሴ ብርድ እየተንቀጠቀጡ ገቡ እንበል። መጀመሪያ ትንሽ የሚያሳማውን ያድርግ፦ ከሰሉ ቶሎ እንዳያልቅ አመድ ያልብሰውና «ሙቀት ሲበዛ ራስ ያዞራል» ይበል። ቀጥሎ ቤተሰቡ ጠዋት እስከ በረካ የጠጣበትን አተላ እንደገና አፍልቶ «አቦል» ብሎ ያቅርብ። አንዱ ሽማግሌ ቡናው ውስጥ የሲኒውን አበባ አሻግረው ያያሉ። አባትየው ወዲያው «ወፍራም ቡና እንቅልፍ ይነሳል፣ ለእናንተ አስቤ ነው» ይላል። ቋጣሪነቱ ሁልጊዜ የደግነት ልብስ ይልበስ፤ ራሱን ቋጣሪ ብሎ የሚያምን ቋጣሪ አያስቅም።

እዚህ ላይ ሽማግሌውን «አንተ ቆንቋና!» እንዳታሰኛቸው። ቃሏ ከተነገረች ተመልካቹ የሚያገኘው ነገር አይቀረውም። ይልቅ ነገሩን በስህተት ይረዱት፦ «ይህ ቤት ከስሯል» ብለው ለመሄድ ይነሱ። አሁን ሀብታምነቱን ለማሳየት ሙክት ማረድ ግድ ሆነበት። ሦስት ማንኪያ ቡና ለማዳን ሲል በግ ከፈለ፤ ቢላዋው ሲሳልም የቆዳውን ዋጋ ይጠይቃል። አመሉን አላሻሻለም፣ መሻሻልም የለበትም።

ጽሑፍሽን እንዲህ ፈትሺው፦ አንዱን የቁጠባ ድርጊት ሰርዢ። ቀጣዩ ትዕይንት ሳይነቃነቅ ከቆመ ያ ድርጊት ጌጥ ነበር፣ ይውጣ።

«ጉረኛዬን ሰው ይጠላዋል እንጂ አይስቅበትም።» (ከኮምቦልቻ)

ጉራው ስላልተፈተነ ነው። ሚኒባስ ውስጥ «የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ» ካለ፣ ሹፌሩ ይታመምና ቁልፉን ይስጡት። አይመን፤ «እኔ የለመድኩት ተሳቢ ነው፣ እዚህች ውስጥ እግሬ አይዘረጋም» እያለ ጉራውን ያሳድገው። ሰው የሚስቀው መውጫውን ሲያጣ እያየ ነው።

«ቋጣሪም ጉረኛም የተሠራበት ነው፤ ሰረቀ አልባልም?»

አትባልም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን መድረክ ላይ ፓንታሎኔ ስስታም ነጋዴ፣ ካፒታኖ ጉረኛ ወታደር ነበሩ። ዓይነቱ የማንም አይደለም፤ የሌላ ሰው ቀልድ ግን የባለቤቱ ነው።

«በወሎ ቃና ላናግረው?»

ደሴ ላይ ማን ልብ ይለዋል?

«ጎረቤቴን ነው የጻፍኩት፤ ስሙን ቀይሬያለሁ። ይበቃል?»

አይበቃም። ሥራውን፣ ሰፈሩን፣ የልጆቹን ቁጥርና ሁሉም የሚያውቅለትን አባባል ቀይር። ከዚያም መድረክ ሳይወጣ ለጠበቃ አስነብበው። ይህን ለወግ ያህል አይደለም የምልህ፤ ሰፈሩ ሰውየውን ካወቀው የተቀየረ ስም ብቻውን አያድንህም።