ደብተሩን ዝጊው

ጤና ይስጥልኝ።

ሰው መርዳት ሰለቸኝ። የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ከዓመት በፊት ቅጥር ሥራዬን ለቅቄ መገናኛ አካባቢ ትንሽ ቢሮ ከፈትኩ። ግብር በደረሰ ቁጥር የማውቀው ሰው ሁሉ «አንዴ ብቻ እዪልኝ» እያለ ይደውላል። የአጎቴ ልጅ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ባለፈው ጥቅምት የዓመቱን ደረሰኝ በማዳበሪያ ጭኖ አመጣልኝ። አራት ሌሊት ቁጭ ብዬ አስተካከልኩለት፤ ምሳ እንኳ አልጋበዘኝም። ወር ሳይሞላ ቋሚ ባለሙያ ሲፈልግ ሌላ ሰው ያዘ። ለምን ሲሉት «እሷማ የራሳችን ናት» አለ አሉ። የኮሌጅ ጓደኛዬም የንግድ ፈቃድ እድሳቷን ከጨረስኩላት ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል።

ለማን ምን እንዳደረግኩ በደብተር ይዣለሁ። 14 ሰው ነው። አንዱም ደንበኛ አልሆነኝም። አሁን ያሉኝን ሁለት ቋሚ ደንበኞች እንኳ ያመጣልኝ ታክሲ ሰልፍ ላይ የተዋወቅኩት አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው። ለእሱ ደግሞ ምንም አላደረግኩለትም፤ ኤምዲኤፍ ሲገዛ በቲን ቁጥሩ ደረሰኝ እንዲያስቆርጥ ነገርኩት፣ ስልክ ተለዋወጥን፣ በቃ። ባለቤቴ «ነፃ ነገር ዋጋ የለውም» ይለኛል። ልክ ነው? ከእንግዲህ ያለ ክፍያ አፌን አልክፈት?

ሰልችቷት የጻፈች፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ የአጎትሽን ልጅ ለጊዜው እንተወው። እኔን የያዘኝ የእንጨት ሠራተኛው ነው። «ምንም አላደረግኩለትም» ነው ያልሽው? አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ፤ እስቲ አብረን እናስላው።

ሰውየው የ40,000 ብር ኤምዲኤፍ ገዛ እንበል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ 6,000 ብር ነው። ለቫት የተመዘገበ ከሆነ ይህን 6,000 ብር ከደንበኞቹ ሰብስቦ ለመንግሥት ከሚያስገባው ላይ ይቀንሰዋል። ደረሰኙ ላይ ስሙና ቲኑ ከሌለ ግን አይቀነስለትም፤ ከኪሱ ሄደ ማለት ነው። ዕቃ በገዛ ቁጥር እንዲሁ። አንቺ ታክሲ እስኪመጣ ድረስ ይህን ቀዳዳ ደፈንሽለት። ያኔ ከእሱ የምትፈልጊው ነገር አልነበረም፤ ስሙንም በደብተርሽ አልጻፍሽም። ጎረቤቱ «ሂሳብ የሚያውቅ ሰው አለህ?» ሲለው ያለ ሥጋት ስልክሽን የሰጠው ለዚህ ይመስለኛል። ሥራሽን ሳይከፍል አይቶታል።

ለምን ከዘመድ ሳይሆን ከሰልፍ ሰው መጣ ትይኝ ይሆናል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቦስተን አጠገብ በምትገኝ ከተማ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ሥራውን የጠቆማቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከአምስቱ አንድ አይሞሉም። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው የጠቆማቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአጎትሽ ልጅ የሚያውቀውን ሰው አንቺም ታውቂዋለሽ። የእንጨት ሠራተኛው የሚያውቃቸውን ወርክሾፖች ግን በሌላ በኩል አታገኚያቸውም ነበር።

አሁን ወደ ደብተርሽ። እዚህ ላይ ልቆጣሽ ነው። ገጠር ወንፈልና ደቦ ለየብቻ ናቸው። ወንፈል ይቆጠራል፤ ዛሬ እኔ ያንተን አረምኩ፣ ነገ አንተ የእኔን፣ ቀን በቀን። ግን ሁለቱም ወገን ወንፈል መሆኑን ያውቃል። ደቦ የጠራ ሰው ጠላና እንጀራ ያቀርባል፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሁሉም ይሄዳል፤ ቀኑን የሚመዘግብ የለም። የአጎትሽ ልጅ ደቦ ጠርቶሽ ነበር (ምሳውን መርሳቱ የራሱ ነውር ነው)። አንቺ በሆድሽ ወንፈል ጻፍሽበት። ያልሰማውን ዕዳ እንዴት ይክፈልሽ?

ደግሞ አራት ሌሊት ውለታ አይባልም፤ ሥራ ነው። እኔ የምሄድበት መለኪያ፣ ውለታ ከሆነ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ማለቁ ነው። ማዳበሪያውን ፈትተሽ አንዷን እፍኝ ደረሰኝ አይተሽ፣ የትኛው እንደማያገለግልና ለምን እንደሆነ ንገሪው። ያ በነፃ ነው፤ ለማንም አትንፈጊ። ቀጥለሽ «የቀረው የሦስት አራት ቀን ሥራ ነው፣ ዋጋው ይህን ያህል» በይው፤ ሳትጀምሪ። ጨርሰሽ ከተናገርሽ ጠብ ነው። ሌላ ሰው መያዙን ግን ብዙ አትቁጠሪበት። ሽያጬን ዘመድ ይወቅልኝ የሚል ነጋዴ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ባለቤትሽ ያለው ለአራቱ ሌሊት ይሠራ ይሆናል። ለታክሲ ሰልፉ አስር ደቂቃ አይሠራም፤ ሁለቱ ደንበኞችሽ ከየት እንደመጡ ጠይቂው።

ዛሬ ለእንጨት ሠራተኛው ደውዪለት። የላካቸው ሰዎች ሥራ የት እንደደረሰ ንገሪው፤ ስሙን አስይዞልሽ ሳለ እስካሁን የነገርሽው አይመስለኝም። ሦስተኛ ደንበኛ አትጠይቂው። ደረሰኙን በቲኑ እያስቆረጠ እንደሆነ ግን ጠይቂው።